«ሁሉ ነገር ደህና ነው?»፦ የአንድ ማናጀር ጭንቀት አንድ ቅርንጫፍ እንዴት እንዳዳረሰ

ሦስት ማመልከቻዎች

በአንድ ባንክ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው። አንድ መጋቢት ላይ ሦስት የዝውውር ማመልከቻዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደረሱ። ሦስቱም ከአንድ ቅርንጫፍ የመጡ ናቸው። ሦስቱም ምክንያታቸውን «የቤት ርቀት» ብለው ጽፈዋል። የአንደኛዋን ፋይል ስከፍት ግን ቤቷ ከቅርንጫፉ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ከቤቷ አሥር ደቂቃ ከሚርቅ ሥራ ሰው በርቀት ምክንያት አይሸሽም። ሌላ ነገር አለ ብዬ ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ያህል ጉዳዩን ተከታትያለሁ። ስም፣ ሰፈርና የባንኩን ማንነት አልጠቅስም። ማናጀሩ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ይውጣ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል» ብሎኛል።

ቅርንጫፉና ሰዎቹ

ቅርንጫፉ መካከለኛ ነው። ከማናጀሩ ጋር አሥራ አራት ሠራተኞች አሉት። የቤቱን አቀማመጥ መናገር አለብኝ፣ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ደንበኛ ሲገባ ፊት ለፊቱ ስድስት መስኮቶች ይታዩታል። ከመስኮቶቹ በስተቀኝ የማናጀሩ ክፍል አለ፤ ግድግዳው መስታወት ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትንሽ አንገቱን ዞር ካደረገ ማናጀሩን ያየዋል። ከኋላ ደግሞ በግንብ የተከለለ ክፍል አለ። እዚያ ሰነድና ሒሳብ የሚያስታርቁ ሦስት ልጆች ይሠራሉ። እነሱ ማናጀሩን ከተቀመጡበት አያዩትም፣ ድምፁንም አይሰሙም።

ማናጀሩ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ብድር ክፍል ነበር፣ በሥራውም የተመሰገነ ነው። ቅርንጫፍ ሲመራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተሾመው ጥቅምት ላይ ነው። ጮሆ አያውቅም። ሠራተኛ ሰድቦ አያውቅም። ያነጋገርኳቸው ሁሉ «ጥሩ ሰው ነው» አሉኝ፣ መልቀቅ የፈለጉት ሦስቱም ጭምር። ይህ መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ቅርንጫፉ የተቀማጭ ገንዘብ ታርጌቱን አልመታም። ከጥር ጀምሮ ዲስትሪክቱ ማናጀሩን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይደውልለት ጀመር። ስልኩ አምስት ደቂቃም አይሞላም። ትናንት ስንት ገባ፣ ዛሬ ስንት ትጠብቃለህ፣ የትኛውን ደንበኛ አናገርክ። በቃ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት

ስመጣ የሥራ ጫና ነው ብዬ ነበር። ማንም እንደዚያ ያስባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ስመለከት አሳለፍኩ። ቅርንጫፉ በቀን የሚያስተናግደው ደንበኛ ከዓምናው ብዙም አልጨመረም። ሠራተኛም አልቀነሰም። በአቅራቢያው ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች ተመሳሳይ ታርጌት ተሰጥቷቸዋል፣ እነሱም አልመቱም፤ ከእነሱ ግን ዝውውር የጠየቀ የለም።

አንድ ቁጥር ግን ዓይኔን ያዘው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ወይም ትርፍ የተገኘባቸው ቀኖች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አራት ነበሩ። ከጥር እስከ መጋቢት አሥራ አንድ ሆኑ። ካሸሮቹ ያው ናቸው። የሚቆጥሩት ብርም ያው ነው።

አግዳሚው ላይ የተቀመጥኩባቸው ጠዋቶች

በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ገብቼ ሰው መጠየቁን ተውኩት። ደንበኛ መስዬ አራት ጠዋት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ጠዋት ልንገራችሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጨዋታ አለ፣ ሳቅ አለ። ዋና ካሸሯ ባንኩ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ሴት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏቸው። ለጥበቃው ሻይ ሲልኩ አየሁ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ማናጀሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ገና አልጮኸም። ሁለት ካሸሮች ግን አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ። ስልኩ ጮኸ። ማናጀሩ ተነሣ፣ በሩን ዘጋ፣ ቆሞ አወራ። በግራ እጁ እስክሪብቶ ይዞ ክዳኑን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ድምፁ አይሰማም፣ አውራ ጣቱ ሲንቀሳቀስ ግን ይታያል።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወጣ። ከአንደኛው መስኮት ኋላ ሄዶ ቆመና በጣም በለሰለሰ ድምፅ፦

«ሁሉ ነገር ደህና ነው?»

ልጅቷ የሁለት መቶ ብር እስር እየቆጠረች ነበር። እጇ ቆመ። «አዎ፣ ደህና ነው» አለች። ወደ ብሩ ስትመለስ የት እንደደረሰች ጠፋባት። ከመጀመሪያው ጀመረች። ከመስኮቱ ፊት የቆሙት ሰውዬ ሰዓታቸውን አዩ። ከኋላቸው ያለችው ሴት ተነፈሰች። ማናጀሩ ወደ ሁለተኛው መስኮት አለፈ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?»

ያን ዕለት እስከ ምሳ ድረስ ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀ። ቆጥሬያለሁ። አሥር ቃል የማይሞላ፣ ቅንነት ያለበት ጥያቄ ነው። የሰማው ሰው ግን የሚገባው ሌላ ነው፤ ደህና ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ ምናልባትም እኔ ጋ።

አራት ሰዓት ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ መጣች። እንደሰማሁት ድሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከኋላ ሄደው ይጠጡ ነበር። አሁን ስኒው መስኮት ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ማንም ከወንበሩ መነሣት አይፈልግም።

ስሜት እንዴት እንደሚጋባ

ማዛጋት እንደሚጋባ ሁላችንም እናውቃለን። ስሜትም እንዲሁ ይጋባል። ኢሌን ሃትፊልድ፣ ጆን ካቺዮፖና ሪቻርድ ራፕሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አካሄዱን በዝርዝር አስረድተዋል። ሰው ሳያስበው የሌላውን ፊት፣ ድምፅና አቀማመጥ ይኮርጃል። አለቃው ግንባሩን ሲቋጥር የእኛም ግንባር በትንሹ ይቋጠራል። ከዚያ የራሳችን ሰውነት ወደ ስሜታችን ይመለሳል፤ ትከሻው የተወጠረ ሰው ውጥረት ይሰማዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅጽበት ነው፣ ሰውዬው ልብ አይለውም።

ሁለተኛ መንገድም አለ፣ ይሄኛው በሐሳብ የሚሄድ ነው። ነገሩ ግልጽ ካልሆነልን የሌላውን ሰው ፊት እንደ መረጃ እናነባለን። በሠራተኞች መካከል ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚነበበው የአለቃ ፊት ነው። ዝውውር፣ ግምገማ፣ ፈቃድ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ስለዚህ ከአሥራ አራት ሰው የአንዱ ጭንቀት እኩል አይሠራጭም። ጥበቃው ቢጨነቅ ሁለት ሰው ያውቃል። ማናጀሩ ሲጨነቅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

አንድ የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት ከዚህ ቅርንጫፍ ጋር ስለሚገጥም ላንሣው። የታተመው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የቡድን መሪዎችን ለየብቻ ቪዲዮ በማሳየት አንዳንዶቹን ደስ አሰኟቸው፣ ሌሎቹን አስከፏቸው። ከዚያ ቡድናቸውን ይዘው ድንኳን እንዲተክሉ አደረጉ። የመሪው ስሜት ወደ ቡድኑ ገባ። ደስ ባለው መሪ ሥር ያሉት የተሻለ ተቀናጁ። ስሜቱ በከፋ መሪ ሥር ያሉት ደግሞ የበለጠ ጉልበት አወጡ። ጭንቀት ሁልጊዜ ሰውን ሰነፍ አያደርግም። የሚለፋ ግን የማይገጣጠም ቡድን ያደርጋል።

ቅርንጫፉ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰዎቹ ከበፊቱ የበለጠ ይለፉ ነበር። ሁለቴ፣ ሦስቴ ይቆጥራሉ። ማታ ያመሻሉ። ግን ድሮ አንዱ መስኮት ላይ ብር ሲያልቅ ከጎኑ ካለው በሰነድ ተፈራርመው ይቀባበሉ ነበር። አሁን ያን ትተውታል። «የሰው ጉድለት ወደ እኔ እንዳይመጣ» አለኝ አንዱ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዋና ካሸሯ ይሄዳል፣ እዚያ ይጠብቃል፣ ሰልፉም ይረዝማል። የረዘመ ሰልፍ የተቆጣ ደንበኛ ያመጣል። የደንበኛው ቁጣ ደግሞ በተራው ይጋባል።

ግን በእርግጥ መጋባት ነው?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አሥራ አራት ሰው አብሮ ከተጨነቀ ምክንያቱ መጋባት ላይሆን ይችላል። ሁሉም የተጫነባቸው አንድ ታርጌት ስለሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

ለመለየት ቀላል ነገር አደረግን። ለአሥር የሥራ ቀን፣ በቀን ሁለቴ፣ አምስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከ1 እስከ 5 አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። 1 «በጣም ተወጥሬያለሁ» ነው፣ 5 «ዘና ብያለሁ» ነው። ስም የለም። ሳጥኑ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ከፊት ለሚሠሩት፣ አንዱ ከግንቡ ኋላ ላሉት።

ታርጌቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሳጥኖች አብረው መውረድ ነበረባቸው። አልወረዱም። የፊተኞቹ አምስት ሰዓት ላይ ብዙውን ጊዜ 2 ላይ ነበሩ። የኋለኞቹ በዚያው ሰዓት 4 ይጽፋሉ። ምሳ አብረው ከበሉ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የኋለኞቹም ወደ 3 እና 2 ይወርዳሉ። ጭንቀቱ ከመስታወቱ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምሳ ጠረጴዛ፣ ከምሳ ጠረጴዛ ወደ ግንቡ ኋላ ሲሄድ ማለት ነው። በመሃል ማናጀሩ ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄዶ ነበር። ታርጌቱ አልተነሣም፤ የፊተኞቹ ቁጥር ግን በሁለቱም ቀን ጠዋት ሳይወርድ ቀረ። ሁለት ቀን ትንሽ ነው፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሌላው ጋር ሲደመር ግን አሳመነኝ።

ከማናጀሩ ጋር ቁጭ ብለን ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ እነሱ ተጨንቀው ሳይ ነው የምጨነቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። የእሱ ጭንቀት እነሱ ፊት ላይ ይታያል። እሱ ያን አይቶ አንድ የተደበቀ ችግር አለ ብሎ ይነሣና ይጠይቃል። ጥያቄው ያስጨንቃቸዋል። ክቡ እንዲህ ይዞራል፤ ማንም የጀመረው አይመስለውም።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ምክሬ ስሕተት ነበር። «ከስልኩ በኋላ ፊትህን ሰብሰብ አድርግ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነህ ውጣ» አልኩት። ታዛዥ ሰው ነው፣ አደረገው። በሳምንቱ የፊተኞቹ ቁጥር ጭራሽ ወረደ። እትዬን ስጠይቃቸው፦

«ድሮ ሲከፋው እናየው ነበር። አሁን ፊቱ እንደ ግድግዳ ሆነ። አንድ የከበደ ነገር ቢኖር ነው እንጂ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ቅርንጫፉ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም።

ይህን አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የማይተዋወቁ ሴቶችን ሁለት ሁለት አድርገው የሚያስከፋ ፊልም አሳዩአቸውና ስለ ፊልሙ እንዲያወሩ አደረጉ። ከአንዳንዶቹ ጥንዶች አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በድብቅ ተነገራት። የደም ግፊቷ የጨመረው የደበቀችዋ ብቻ አልነበረችም፤ ምንም ያልተነገራት አነጋጋሪዋም ጨመረ። የተደበቀ ስሜት ሌላው ሰው ጋ አይደርስም ማለት አይደለም። ስሙና ምክንያቱ ሳይነገር ይደርሳል፣ ሰውም ክፍተቱን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

ሁለተኛው ያልሠራ ነገር ምሳ ግብዣ ነው። ጾም ስለነበረ አንድ ዓርብ በየዓይነቱ በላን፣ ተሳሳቅን። የዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ቁጥር ከዚያ በፊት ያልታየ 4 ሆነ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ፤ ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ። በግብዣው አልቆጭም፣ ጥሩ ቀን ነበር። ነገር ግን በየጠዋቱ የሚመጣን ነገር የአንድ ቀን ደስታ አይከላከለውም።

የሠራው

መጀመሪያ የለወጥነው ቦታውን ነው። ማናጀሩ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩን ይዞ ወደ ላይኛው ፎቅ መዝገብ ክፍል ይወጣል። እዚያ ያወራል። ከጨረሰ በኋላ ቶሎ አይወርድም፤ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ወይም ሕንፃውን አንድ ዙር ይዞራል። ስልኩ ሲዘጋ ልብ ወዲያው አይረጋም። ድምፅ ገና ቀጭን ነው፣ እርምጃ ገና ፈጣን ነው። ያ አሥር ደቂቃ ለዚህ ነው። ይህ ከመደበቅ ይለያል፤ መደበቅ ስሜቱ እያለ ፊትን መሸፈን ነው፣ ይህ ግን ስሜቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ቦታ መለወጥ ብቻውን ግን አዲስ ወሬ ያመጣ ነበር፤ «ለምን ወደ ላይ ይወጣል?» ይባል ነበር። ስለዚህ ከዚያው ቀን ጀምሮ ማናጀሩ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁሉንም ሰብስቦ ለአምስት ደቂቃ ቆመው እንዲያወሩ ተስማማን። ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል። ምን እንዳስጨነቀው፣ የእሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ፣ ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ። የመጀመሪያው ቀን እኔም ነበርኩ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ አለ፦

«ከጥር ጀምሮ ዲስትሪክት በየጠዋቱ ስለ ተቀማጭ ይጠይቀኛል። ስጨነቅ የምታዩኝ ለዚህ ነው። ትልልቅ ደንበኞችን ማነጋገር የእኔ ሥራ ነው። የእናንተ ቆጠራ ላይ ጥርጣሬ ኖሮኝ አያውቅም።»

ጸጥ አለ። ከዚያ እትዬ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እኛ እኮ ሊዘጋ ነው ብለን ነበር» አሉ። ከኋላ ክፍል ያለው ልጅ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሦስት ወር የተሸከሙትን ነገር ያወረዱ ይመስሉ ነበር።

ሦስተኛው ለውጥ ጥያቄው ነው። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» ቀረ። በምትኩ ማናጀሩ በቀን ሁለቴ፣ አምስት ሰዓትና ዘጠኝ ተኩል ላይ ብቻ ይዞራል። ሲዞርም የታወቀ ነገር ይጠይቃል፦ «ዝርዝር ብር ይበቃሃል?»፣ «ሲስተሙ ይዘገያል?»። እንዲህ ያለ ጥያቄ አዎ ወይም አይ ተብሎ ያልቃል። ሰው ራሱን እንዲመረምር አያደርግም። ብር የሚቆጥር ሰው እስሩን ሳይጨርስ እንዳያናግረውም ተስማሙ። ይህቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ጉድለቱን የቀነሰችው ግን በአብዛኛው እሷ ትመስለኛለች።

አራተኛው የእኔ ሐሳብ አልነበረም። እትዬ ራሳቸው አራት ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው ቡና መጠጣት ጀመሩ። የቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነው፣ ካዝናው በእጃቸው ነው፤ እሳቸው ከተቀመጡ እሳት የለም ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ካሸሮች ተከተሏቸው። መረጋጋትም ይጋባል። ሲጋል ባርሳዴ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ተዋናይ ቡድን ውስጥ አስገብታ ያየችውም ይህንኑ ነበር። በጎ ስሜት የተጋባባቸው ቡድኖች የበለጠ ተባበሩ፣ ግጭታቸውም ቀነሰ። የተባበሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ ግን ችሎታቸውን እንጂ የተጋባባቸውን ስሜት አልጠቀሱም።

ስልኩስ?

ምንጩ ግን ቅርንጫፉ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ዲስትሪክቱ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በትህትና ተመለስኩ። በሦስተኛው የጉድለቱን ቁጥርና የዝውውር ማመልከቻዎቹን አንድ ገጽ ላይ አድርጌ ይዤ ቀረብኩ። ያኔ ስልኩ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲሆን ተፈቀደ። ኃላፊውም ሲያወሩኝ እሳቸውም በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚደወልላቸው ገባኝ። ያወሩኝ የነበረው እንደዚያ ማናጀር እስክሪብቶ ይዘው ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የባንኮች ዓመት ሲዘጋ፣ ስልኩ እንደገና በየቀኑ ሆነ። የፊተኞቹ ቁጥር ወረደ። ነገር ግን እንደ መጋቢቱ 2 ላይ ወርዶ አልቀረም፤ 3 አካባቢ ቆመ። የኋላ ክፍሉ ጭራሽ አልወረደም። ጉድለት ወይም ትርፍ የተገኘባቸው ቀኖች ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አምስት ነበሩ።

ሁሉንም ለመጋባቱ መቆም አልሰጥም። በዚያው ጊዜ ሁለት አዲስ የብር መቁጠሪያ ማሽን ገብቷል። ማናጀሩም በራሱ ልምድ አግኝቷል። የታየው የአንድ ቅርንጫፍ ጉዳይ ነው።

ከሦስቱ አመልካቾች ሁለቱ ማመልከቻቸውን ሳቡ። አንዷ፣ ቤቷ አሥር ደቂቃ የሚርቀው፣ ለቀቀች። የካቲት ላይ የ1,800 ብር ጉድለት ወጥቶባት ከደመወዟ ተቆርጧል። ሥራ ስትለቅ ሳነጋግራት «ማናጀሩ ከኋላዬ ባይቆም አልሳሳትም ነበር ማለት አልፈልግም፤ ግን ያን ቀን ቆሞ ነበር» አለችኝ። እሷን ስለማጣታችን አሁንም አዝናለሁ። ሁለት ወር ቀድሜ ብመጣ ትቆይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው

ባንክ ለማይሠራ ሰው ከዚህ ውስጥ ምን ይጠቅመዋል? በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚጠቅመው የመለያው ዘዴ ነው። አለቃውን የሚያዩና የማያዩ ሰዎችን ለይቶ መጠየቅ በሆስፒታል ክፍልም፣ በትምህርት ቤትም፣ በኮንስትራክሽን ሳይትም ይቻላል። ሁለቱ ወገን በተለያየ ሰዓት የሚወጠር ከሆነ መጋባት አለ። እኩልና አብሮ የሚወጠር ከሆነ ግን አለቃውን ትቶ ሥራው ራሱ ምን እንደሚጎድለው መመልከት ነው። ሰው አንሶ እያለ የአለቃን ፊት ማስተካከል ሠራተኛን መበደል ነው።

ሌላው ጩኸትን መፈለግ እንደሌለብን ነው። ለጥሩ አለቃ ጭንቀቱን የሚያወጣበት በር ብዙ ጊዜ መልካምነቱ ነው፤ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ከኋላ መቆም፣ ማታ ቴክስት መላክ። ሠራተኛው «ጥሩ ሰው ነው» እያለ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ቅሬታ አይጽፍም፣ የሚወቀስበት ነገር የለውማ። በቅሬታ ሳጥን የሚጠብቅ የሰው ሀብት ክፍል ይህን መቼም አያየውም። ዝውውር ጥያቄ፣ የሕመም ፈቃድና የሥራ ስሕተት ላይ ነው የሚታየው።

ስለ ራሱ ስለ ማናጀሩ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሚያዝያ ላይ ሲያወራኝ ከጥር ጀምሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየነቃ እንደሚቀር ነገረኝ። ሚስቱ ካልሆነች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያ በስብሰባና በቦታ ለውጥ የሚፈታ አይደለም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣና ልቡ በከንቱ የሚመታበት ሰው ሐኪም ማየት አለበት፤ እሱም አየ። ነሐሴ ላይ ቅርንጫፉን ስጎበኝ አራት ሰዓት ነበር። እትዬ ከኋላ ተቀምጠዋል። ማናጀሩ ከአጠገባቸው ስኒ ይዞ ቆሟል። ስልኩ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር።